ለአስቸኳይ ትእዛዝ የሚጻፍ የኢሜይል ርእስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ በሚገኙ ፋብሪካዎች፣ ጋራዦችና ወርክሾፖች የግዢ ሥራ የሚሠሩ ባልደረቦች ደጋግመው ያነሷቸው ናቸው። መልሶቹን የጻፍኩት በአንድ የዱቄት ፋብሪካ የግዢ ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው። ምሳሌው አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም አዲስ አበባ ካለ የመለዋወጫ አቅራቢ በአንድ ቀን ውስጥ መድረስ የነበረበት ኩሽኔታ ነው። እኛና አቅራቢዎቻችን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምንራራቅ ሄደን ጠረጴዛቸው ፊት መቆም አንችልም፤ ስለዚህ አስቀድሞ የሚደርስልን የኢሜይሉ ርእስ ነው።

በሽያጭ ክፍሉ በኩል ርእሱን የሚያነበው ማን ነው? አንብቦስ ምን ያደርጋል?

ብዙውን ጊዜ የሚያነበው አንድ ወይም ሁለት የሽያጭ ሠራተኛ ነው። ጠዋት ኮምፒውተራቸውን ሲከፍቱ ከትናንት ማታ ጀምሮ የገቡት መልእክቶች በዝርዝር ይጠብቋቸዋል፤ በዚያው ሰዓት ስልክ ይደወላል፣ በባንኮኒው ፊት ደግሞ በአካል የመጣ ደንበኛ ይቆማል። በዚህ መካከል ሠራተኛው ሁሉንም መልእክት ከፍቶ አያነብም። ርእሶቹን ከላይ ወደ ታች እያየ በልቡ በሦስት ይከፍላቸዋል፦ ዋጋ የሚጠይቁ፣ እቃ የሚያዝዙ እና የቀደመ ጉዳይ የሚከታተሉ። ዋጋ የሚጠይቁት ለፕሮፎርማ ይቀመጣሉ፤ ፕሮፎርማ ደግሞ ከሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ይሠራል፤ ምክንያቱም ፕሮፎርማ ከሚጠይቁት መካከል ለማወዳደሪያ ሦስት ዋጋ ለማሟላት ብቻ የሚልኩ ብዙዎች መሆናቸውን ሠራተኛው ያውቃል።

ስለዚህ የአስቸኳይ ትእዛዝ ርእስ የመጀመሪያ ተግባሩ ሠራተኛው መልእክቱን ከፕሮፎርማው ክምር ጋር እንዳይደምረው ማድረግ ነው። ሁለተኛው ተግባሩ ደግሞ መልእክቱን ሳይከፍት እንኳ አንድ ሥራ እንዲጀምር ማስቻል ነው። ያ ሥራ የእቃውን ኮድ በክምችት ፕሮግራማቸው ላይ ጽፎ መኖሩን ማየት ነው። ርእሱ ላይ ኮዱ ካለ ሠራተኛው በአንድ ደቂቃ ውስጥ «አለ» ወይም «የለም» ማለት ይችላል፤ አጭር ሥራ ደግሞ ከረጅሙ ይቀድማል። ቅድሚያ የሚገኘው ሠራተኛው ስለ ችግራችን ስላዘነ ብቻ ሳይሆን የእኛ ጉዳይ ቶሎ የሚያልቅ ሆኖ ስለታየው ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ።

«አስቸኳይ» ብሎ መጻፍ ለምን አይበቃም?

ሁሉም ስለሚጽፈው ነው። በአንድ ጠዋት ከሚደርሱት መልእክቶች ብዙዎቹ «አስቸኳይ» ወይም «በጣም አስቸኳይ» የሚል ርእስ ይዘው ይመጣሉ፤ ሠራተኛው ከልምድ የተማረው ደግሞ ቃሉን የሚጽፉት ለሳምንት የሚታገሡትም ጭምር እንደሆነ ነው። ቃሉ ስለ እቃውም ሆነ ስለ ሰዓቱ የሚናገረው ነገር የለም። ቃለ አጋኖ መደርደር ወይም በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ሁሉንም በትልልቅ ፊደላት ማድረግ ይባስ ይጎዳል፤ የባንክ ሒሳብ ተቀይሯልና ወዲህ አስገቡ የሚሉ አጭበርባሪዎች የሚልኳቸው መልእክቶችም ይህንኑ መልክ የያዙ ስለሆኑ፣ የአይፈለጌ መልእክት ማጣሪያውም ሰውም ይጠራጠራቸዋል።

ቃሉን ፈጽሞ አትጻፉ ማለቴ አይደለም። ከኮዱና ከሰዓቱ ጋር አንድ ጊዜ ቢገባ ጉዳት የለውም። ብቻውን ሲቆም ግን ባዶ ነው።

እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ «ጉዳዩ፦ … ስለመጠየቅ» ብዬ ብጽፍ ምን ችግር አለው?

ይህ ጥያቄ ሰፋ ያለ መልስ ይገባዋል፤ ምክንያቱም አብዛኞቻችን መጻፍ የተማርነው ከደብዳቤ ነው። በደብዳቤ ላይ «ጉዳዩ» የሚለው መስመር ወረቀቱ በየትኛው ፋይል እንደሚገባ ለመዝገብ ቤት የሚነግር ነው። ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ በአንባቢው እጅ ስላለ መስመሩ ቢረዝምም፣ ዋናው ቃል መጨረሻ ላይ ቢመጣም የሚጎድል ነገር የለም። በኢሜይል ዝርዝር ላይ ግን አንባቢው የሚያየው መጀመሪያውን ብቻ ነው። በስልክ የሚከፈት የመልእክት ሣጥን ከርእሱ ከሠላሳ እስከ አርባ ፊደል ያህል አሳይቶ ቀሪውን በነጥብ ይቆርጠዋል፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ከላቲኑ ሰፋ ስለሚል ከዚያም ያነሰ ሊታይ ይችላል።

በአማርኛ ዓረፍተ ነገር ግሡ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ገላጩም ከተገላጩ ይቀድማል። «በድርጅታችን ውስጥ ለሚገኘው የዱቄት ማምረቻ ማሽን አገልግሎት የሚውል መለዋወጫ ግዢ እንዲፈጸምልን ትብብር ስለመጠየቅ» የሚለው ርእስ ሰዋስዉ የተስተካከለ ነው። ነገር ግን የሽያጭ ሠራተኛው ስልክ ላይ የሚታየው «በድርጅታችን ውስጥ ለሚገኘው የዱቄት ማ…» የሚለው ብቻ ነው። እቃው አልተጠቀሰም፣ ብዛቱ አልታወቀም፣ ግዢ መሆኑ እንኳ ገና አልተነገረም።

ስለዚህ የኢሜይል ርእስ ሲጻፍ ዓረፍተ ነገሩን ትቶ በሐረግ መጻፍ ይሻላል። ሐረጎቹን በሰረዝ መለየት ይቻላል። ይህ አጻጻፍ ለአንዳንድ ሽማግሌ አለቆች ክብር የጎደለው ሊመስላቸው እንደሚችል አውቃለሁ፤ የእኔም አለቃ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ብለውኛል። ክብሩና ሰላምታው ግን በመልእክቱ ውስጥ ሙሉ ቦታ አለው። «ለተከበራችሁ» ብሎ መጀመርም ሆነ «ከሠላምታ ጋር» ብሎ መዝጋት እዚያ ይገባል እንጂ ርእሱ ላይ አይደለም።

ታዲያ ርእሱ ላይ ምን ምን ይግባ? በምንስ ቅደም ተከተል?

አራት ነገሮች ይበቃሉ፦ የእቃው ኮድ ከብዛቱ ጋር፣ እቃው ከአቅራቢው መጋዘን መውጣት ያለበት ቀንና ሰዓት፣ የግዢ ማዘዣው ቁጥር፣ እና ጉዳዩ የደረሰበት ደረጃ፤ ለምሳሌ «ማዘዣ ተያይዟል» ወይም «ክፍያ ገብቷል»። የራስን ድርጅት ስም ርእሱ ላይ መድገም አያስፈልግም፤ የላኪው ስም ከርእሱ ጎን ለብቻው ይታያልና። ይልቅስ ያ የላኪ ስም የድርጅቱ ስም መሆኑን አንድ ጊዜ በኢሜይሉ ቅንብር ውስጥ ገብቶ ማረጋገጥ ይጠቅማል። ከአንዳንድ ወርክሾፖች የሚመጣ መልእክት ላኪው ሠራተኛው ልጅ እያለ ባወጣው ቅጽል ስም ይታያል፤ እንዲህ ያለውን ማንም ቀድሞ አይከፍትም።

ምሳሌውን ከራሴ ልስጥ። ማክሰኞ የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ዱቄቱን ከወፍጮው ወደ ወንፊቱ በአየር የሚያነሳው ትልቁ ፋን በአንድ ጎኑ መጋልና መጮህ ጀመረ። መካኒካችን እጁን በኩሽኔታው ቤት ላይ አስደግፎ ማቆየት አልቻለም። ቅባት ጨመረበት፤ ፍጥነቱ ቢቀንስ እስከ ሐሙስ ከሰዓት ሊያደርሰን እንደሚችልና ከዚያ በላይ ግን እንዳንተማመን ነገረን። ይህ ፋን ከቆመ ወፍጮዎቹ በሙሉ ይቆማሉ። በዘንጉ ላይ ሁለት ኩሽኔታ አለ፤ ሁለቱም አንድ ላይ እንዲቀየሩ ተወሰነ፤ በመጋዘናችን ግን አንድም አልነበረም።

እኔም በድንጋጤ የጻፍኩት የመጀመሪያው ርእስ ይህ ነበር፦

```
ጉዳዩ፦ በጣም አስቸኳይ የሆነ የመለዋወጫ እቃ ግዢ ትብብር ስለመጠየቅ
```

ረቡዕ ጠዋት እስከ 5 ሰዓት መልስ አልመጣም። ስደውል የሽያጭ ሠራተኛዋ መልእክቱ መግባቱን እንዳየች፣ ነገር ግን የዋጋ ጥያቄ መስሏት ከሰዓት ከሌሎቹ ጋር ልትመልሰው ለይታ እንዳስቀመጠችው ነገረችኝ። ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም፤ ርእሱን እኔም በእርሷ ቦታ ሆኜ ባነበው እንደዚያው አደርገው ነበር። ወዲያው በዚህ ርእስ አዲስ መልእክት ላኩላት፦

```
22218 EK/C3 ×2 + H 318 ×2 – ሐሙስ የካቲት 5 ጠዋት 4፡00 ከመጋዘን ይውጣ – ማዘዣ 0147 ተያይዟል
```

ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ «አለ፤ ለእናንተ ተይዟል፤ ፕሮፎርማው ይኸው» የሚል መልስ መጣ። በዚህ ርእስ ውስጥ «አስቸኳይ» የሚል ቃል የለም። ስልክ ላይ ከተቆረጠም በኋላ የሚታየው የመጀመሪያው ክፍል ኮዱና ብዛቱ ነው፤ ይህም ሠራተኛዋ ክምችቷን ለማየት የሚያስፈልጋትን ሁሉ የያዘ ነው። ቀጥሎ ሰዓቱ ይመጣል። የማዘዣው ቁጥር ወደ ኋላ የሆነው የእኛ ቁጥር ለእርሷ በመጀመሪያው እይታ ምንም ስለማይነግራት ነው፤ የሚያገለግለው በኋላ ስትፈልገው ነው።

የኮዱን ጭራ ፊደላት ብተዋቸው ምን ይጎዳል?

ብዙ ይጎዳል፤ እኔም ከዓመታት በፊት ከፍዬበታለሁ። «22218» ብቻ ብዬ ጽፌ የመጣልኝ ኩሽኔታ ቀዳዳው ቀጥ ያለ ነበር። ከላይ ያለው የ`22218` ኩሽኔታ የውስጥ ስፋቱ 90 ሚሊ ሜትር፣ የውጩ 160፣ ውፍረቱ ደግሞ 40 ሚሊ ሜትር ነው። የእኛ ፋን ዘንግ ግን 80 ሚሊ ሜትር ነው፤ በመካከሉ የሚገባው `H 318` የተባለው ስሊቭ ነው። ይህ ስሊቭ ውጩ ሾጠጥ ያለ ስለሆነ የኩሽኔታውም ቀዳዳ እንዲሁ ሾጣጣ መሆን አለበት፤ ያንን የሚናገረው `K` የምትለዋ አንዲት ፊደል ናት። ያለ `K` የመጣው ኩሽኔታ ስሊቩ ላይ ሊጠብቅ አይችልም።

እቃው ሲደርስ ልዩነቱን በዓይን ማየት ያስቸግራል። በካሊፐር ግን ወዲያው ይታወቃል፤ ሾጠጣው ከ12 አንድ ስለሆነ በ40 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላይ የአንዱ ጫፍ ስፋት ከሌላው በ3.3 ሚሊ ሜትር ያህል ይበልጣል። ሁለቱም ጫፍ እኩል ከሆነ የመጣው የተሳሳተው ነው፤ መካኒኩ ማሽኑን ከመፍታቱ በፊት ይህን መለካት ያስፈልጋል።

`C3` ደግሞ ኩሽኔታው በውስጡ ከተለመደው የሰፋ ክፍተት እንዳለው ያሳያል። ኩሽኔታው ስሊቩ ላይ እየተገፋ ሲጠብቅ ክፍተቱ ይቀንሳል፤ ሲግልም እንዲሁ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ፋን የሰፋው ይመረጣል። ከእነዚህ ውጪ ያሉት ፊደላት ከአምራች አምራች ይለያያሉ። የአቅራቢው ክምችት የሌላ አምራች ከሆነ ሠራተኛው ተመጣጣኙን እንዲፈልግ፣ ኮዱ ከአሮጌው ኩሽኔታ ላይ ወይም ከማሽኑ መመሪያ እንደተነበበ ሳይቀነስ መጻፍ አለበት። ኮዱ በቅባትና በዝገት ተሸፍኖ ካልተነበበ ርእሱ ላይ በግምት ከመጻፍ ይልቅ የተለካውን ስፋትና ውፍረት ማስፈር፣ ፎቶውንም ማያያዝ የተሻለ ነው።

የአማርኛውን «ኩሽኔታ» መጨመር ይቻላል፤ ኮዱ ካለ ግን ቦታ ከመያዝ በቀር የሚጨምረው ጥቂት ነው።

ሰዓቱን እንዴት ልጻፍ? «ዛሬውኑ» ወይም «በአስቸኳይ» ማለት አይበቃም?

«ዛሬ» የሚለው ቃል ማታ የተላከ መልእክት ጠዋት ሲነበብ ትርጉሙ ይለወጣል። ስለዚህ የቀኑ ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ አብረው ይጻፉ።

ከዚህ የሚበልጠው ነገር ግን የየትኛውን ሰዓት እንጽፍ የሚለው ነው። መካኒካችን ኩሽኔታውን የሚፈልገው ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት ነበር። ይህንን ሰዓት ርእሱ ላይ ብጽፈው ሠራተኛዋ «ገና ጊዜ አለ» ብላ እስከ እኩለ ቀን ልታቆየው ትችል ነበር፤ ደብረ ብርሃን ለመድረስ ምን ያህል እንደሚወስድ፣ የሚቀበለው ሰው ከየት እንደሚነሣ የማወቅ ግዴታ የለባትም። ስለዚህ ወደ ኋላ ቆጠርኩ። መንገዱ በደህናው ጊዜ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከመጋዘኑ እስከ ላምበረት መናኸሪያ ለመድረስና መኪናው እስኪሞላ ደግሞ አንድ ሰዓት ያዝኩለት። ከ8 ሰዓት ላይ አራት ሰዓት ሲቀነስ ጠዋት 4 ሰዓት ይሆናል። ርእሱ ላይ የገባው ይህ ሰዓት ነው፤ ሠራተኛዋ በእጇ ያለው እርሱ ብቻ ነውና። ወደ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት ወይም ከዚያ በታች የምትሠሩ ደግሞ የጣርማ በርን ቁልቁለትና ጭጋግ ጨምራችሁ ቁጠሩ።

አንዳንዶች ሰዓቱን ሆን ብለው ያስቀድማሉ፤ ለነገ የሚያስፈልገውን ለዛሬ ብለው ይጽፋሉ። ይህን አልመክርም። እቃው ተዘጋጅቶ ተቀባይ ሳይመጣ ግማሽ ቀን ባንኮኒው ላይ ከቆየ ሠራተኛው በሚቀጥለው ጊዜ ያን ሰዓት አያምነውም።

ውጭ አገር ላለ አቅራቢ ስጽፍስ?

ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው የቀን አቆጣጠር ነው። የካቲት 5 ቀን 2018ን «5/6/2018» ብለን ብንጽፍ ለእኛ ግልጽ ነው፤ የካቲት ስድስተኛ ወር ነውና። ውጭ ያለው አንባቢ ግን እንደ አገሩ ልማድ ከዓመታት በፊት ያለፈ የጁን 5 ወይም የሜይ 6 ቀን አድርጎ ያነበዋል። ትክክለኛው ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2026 ነው። ወሩን በቁጥር ሳይሆን በፊደል መጻፍ ስሕተቱን ከሥሩ ያስቀራል።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። የእኛ ጠዋት 4 ሰዓት በእነርሱ አጻጻፍ 10፡00 ነው፤ በዚያ ላይ ዱባይ ከእኛ በአንድ ሰዓት፣ ቻይና ደግሞ በአምስት ሰዓት ትቀድማለች። እኛ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቢሮ ስንገባ ቻይና ያለው የሽያጭ ሠራተኛ ከምሳ ተመልሶ ከቀኑ 8 ሰዓት ሆኖበታል፤ ለዚያ ቀን የቀረው ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። የሰዓት ቀጠናችንን ጨምረን እንዲህ እንጽፋለን፦

```
22218 EK/C3 x2 + H 318 x2 - ship by 12 Feb 2026, 10:00 UTC+3 - PO 0147 attached
```

ለአገር ውስጥ አቅራቢ በአማርኛ ልጻፍ ወይስ በእንግሊዝኛ?

አንባቢው አማርኛ የሚያነብ ከሆነ በአማርኛ ይጻፍ፤ ኮዱ ብቻ እቃው ላይ እንደተቀረጸው በላቲን ፊደል ይቀመጥ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አቅራቢው መልእክቶችን በአሮጌ ፕሮግራም የሚቀበል ከሆነ ነው፤ እንዲህ ባለው ላይ ፊደላችን በጥያቄ ምልክት ወይም በሣጥን ተተክቶ ሊታይ ይችላል። ኮዱና ቁጥሮቹ ግን በዚያም ቢሆን ይነበባሉ፤ ኮዱን ከፊት የማስቀምጥበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው። የአቅራቢው መልስ ሲመጣ ርእሱ ተበላሽቶ ከተመለሰ ችግሩ መኖሩን በዚያ ታውቃላችሁ።

ክፍያ ገና ካልተፈጸመ ምን ብዬ ልጻፍ?

እውነቱን። አቅራቢ አንድን እቃ ከመደርደሪያ አንሥቶ «ተይዟል» የሚል ወረቀት የሚለጥፍበት ገዢው እንደማይቀር ሲያምን ነው። «ማዘዣ ተያይዟል» የሚለው ሐረግ የተፈረመና ማኅተም ያለበት የግዢ ማዘዣ በእርግጥ ተያይዞ ሲገኝ ብቻ ይጻፍ። ክፍያው ሲፈጸም ደግሞ የባንክ ማስተላለፊያው ደረሰኝ ተያይዞ «ክፍያ ገብቷል» ይባል። ገንዘቡ ሳይገባ «ገብቷል» ብሎ መጻፍ አንድ ቀን ያሠራ ይሆናል፤ የሒሳብ ክፍሉ ባንኩን አይቶ ባዶ ሆኖ ሲያገኘው ግን ቀጣዩ ትእዛዛችን ገንዘቡ እስኪታይ ድረስ ከጠረጴዛው አይነሣም።

በዚያ ረቡዕ እኛ ያደረግነው ፕሮፎርማው እንደደረሰ ከምሳ በፊት ክፍያውን ማስተላለፍና ደረሰኙን ከግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችን ጋር መላክ ነበር። መለያ ቁጥሩ ሳይገለጽ ቀርቶ ሽያጩ በካሽ ሬጂስተሩ ፊት ሲቆም አይቻለሁና፣ ርእሱ ላይ ባይገባም በመልእክቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ ይጻፍ እላለሁ።

ክትትሉን በዚያው መልእክት ላይ ልመልስ ወይስ አዲስ ርእስ ልክፈት?

ጉዳዩ አንድ እስከሆነ ድረስ በዚያው ላይ መመለስ ይሻላል። ለምሳሌ በጂሜይል ላይ መልስ እየሰጡ ርእሱን ቢለውጡ መልእክቱ ከቀድሞው ተለይቶ አዲስ ውይይት ሆኖ ይቀመጣል፤ ሠራተኛው ማዘዣውን በአንዱ፣ ደረሰኙን በሌላው ሊፈልግ ነው ማለት ነው። «ክፍያ ገብቷል» የሚለውን በመልሱ የመጀመሪያ መስመር ላይ መጻፍ በቂ ነው፤ የመልእክቱ መጀመሪያ በዝርዝሩ ላይ ከርእሱ ቀጥሎ ይታያልና።

የተለየ ሁኔታ ያለው እኔ እንደሠራሁት የመጀመሪያው ርእስ ራሱ የተበላሸ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ በመጥፎው ላይ ከመደራረብ አዲስ መላክ፣ በውስጡም «የትናንት ማታውን መልእክት ይህ ይተካዋል» ብሎ መግለጽ ይገባል። ይህች ዓረፍተ ነገር ካልገባች አንዱ ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ሊዘጋጅ ይችላል። ከወር በፊት በተጠናቀቀ ሌላ ትእዛዝ ላይ መልስ ብሎ አዲስ እቃ ማዘዝ ግን ፈጽሞ አይሁን፤ ሠራተኛው ርእሱን አይቶ ያለቀ ጉዳይ ነው ብሎ ያልፈዋል።

በአውትሉክ ላይ ያለውን ቀይ የቃለ አጋኖ ምልክት ብጠቀምስ?

`High importance` የሚለው ምልክት የሚታየው ተቀባዩ የሚጠቀምበት ፕሮግራም ሲያሳየው ነው፤ ጂሜይል ላይ ለሚያነብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምንም ለውጥ አያመጣም። አትደገፉበት።

ኢሜይል ሳይሆን ቴሌግራም ለሚጠቀም አቅራቢስ?

ቴሌግራም ርእስ የለውም፤ የመልእክቱ የመጀመሪያ መስመር ነው ርእሱ። «ሰላም እንዴት ነህ ወንድም» ብሎ ልኮ መልስ መጠበቅ ጊዜ ያባክናል። ሰላምታውና ትእዛዙ በአንድ መልእክት ይሂዱ፤ ኮዱም ከሰላምታው ይቅደም።

ርእሱ ሁሉ ተሟልቶም መልስ ካልመጣ ምን ያህል ልጠብቅ?

ለአንድ ቀን ትእዛዝ ከሆነ በሥራ ሰዓት ከአንድ ሰዓት በላይ አልጠብቅም። ስደውል ታሪኩን ከመጀመሪያው አልተርክም፤ «ማዘዣ 0147፣ ሁለት 22218 EK/C3፣ ለነገ 4 ሰዓት» ብዬ የርእሱን ቃላት በዚያው ቅደም ተከተል አነባለሁ፤ ሠራተኛዋም በዝርዝሩ ላይ ወዲያው ታገኘዋለች። እቃው ከሌላቸውም ያን ጊዜውኑ እንዲነግሩኝ እጠይቃለሁ፤ እቃ የሌለውን መጋዘን የትኛውም ርእስ አይሞላውም፣ ቶሎ የተነገረ «የለም» ግን ወደ ሁለተኛው አቅራቢ ለመሄድ ጊዜ ይሰጣል። ለሁለተኛው አቅራቢ በተመሳሳይ ሰዓት ያንኑ «ማዘዣ ተያይዟል» የሚል ርእስ መላክ ግን ተገቢ አይደለም፤ ሁለቱም እቃ ይዘው ይጠብቃሉና። ለእርሱ የሚላከው «22218 EK/C3 ×2 + H 318 ×2 – በእጅ አለ? – ለሐሙስ 4፡00» የሚል ጥያቄ ነው።

የእኛ ሁለት ኩሽኔታዎች ሐሙስ ጠዋት ከ4 ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብሎ ከመጋዘኑ ወጡ፤ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ ስቀበላቸው መካኒካችን ካሊፐሩን ይዞ ይጠብቀኝ ነበር።